ሰርቪሱ ሳይደርስ «ደረሰ» የሚል መልእክት፦ ቁራጭ መስመር ክብን የሚቆርጥበትን ቦታ ማግኘት

ዳዊት ዘቱሉ ዲምቱ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ለሰፈራችን የተማሪዎች ሰርቪስ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ሚኒባሱ ላይ የተገጠመው መሣሪያ በየ30 ሰከንዱ ያለበትን ቦታ ይልካል። በእያንዳንዱ ፌርማታ ዙሪያ 150 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ በሐሳብ አስምሬአለሁ፤ መኪናው ክቡ ውስጥ ሲገባ ለወላጆች «ሰርቪሱ ደርሷል» የሚል መልእክት ይሄዳል።

መጀመሪያ የሠራሁት በጣም ቀላሉን ነበር። የመጣው ነጥብ ከፌርማታው ያለው ርቀት ከ150 ሜትር ካነሰ መልእክቱን ላክ፣ ካልሆነ ዝም በል። ግን ጠዋት መንገዱ ክፍት ሲሆን ሾፌሩ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ በ30 ሰከንድ 500 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ክቡ ደግሞ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 300 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ነጥብ ከክቡ ወዲህ፣ ቀጣዩ ከክቡ ወዲያ ይወድቅና ፕሮግራሙ ሰርቪሱ ማለፉን እንኳ አያውቅም።

ሁለቱን ነጥቦች በቀጥታ መስመር አገናኝቼ መስመሩ ክቡን ይቆርጥ እንደሆነ በኳድራቲክ እኩልታ ማስላት ጀመርኩ። `D = b*b - 4*a*c` ከዜሮ ከበለጠ መልእክቱ ይሄዳል። አሁን ያለፉት አይጠፉም፣ ችግሩ ወደ ተቃራኒው ዞረ። ትናንት ሚኒባሱ ከፌርማታው 220 ሜትር ያህል ርቆ የነዳጅ ሰልፍ ውስጥ ተሰልፎ ሳለ መልእክቱ ደጋግሞ ሄደ። እናቶች በዚያ ብርድ ልጆቻቸውን ይዘው ወጥተው ሩብ ሰዓት ቆሙ። ስልኬ እስካሁን አልበረደም። ስሕተቴ የት ላይ ነው?

---

የብሎክ አባት · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡55

ወንድሜ፣ የትኛውን አደባባይ ነው የምትለው? ወደ ኮዬ ፈጬ የሚያስገባው ከሆነ እዚያ ሁልጊዜ ጠዋት ይዘጋጋል። ሾፌሩ አደባባዩን ሳይዞር በውስጥ መንገድ ቢገባ አይሻልም?

---

ዳዊት ዘቱሉ ዲምቱ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡58

አባቴ፣ ክቡ መሬት ላይ የለም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ሐሳባዊ ክብ ነው። አደባባዩ ግን እውነትዎን ነው፣ ይዘጋጋል።

---

የሒሳብ ደብተር · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ስሌትህ ትክክል ነው። `D` ከዜሮ ሲበልጥ ሁለት ቦታ ይቆርጣል፣ ዜሮ ሲሆን በአንድ ነጥብ ነክቶ ያልፋል፣ ከዜሮ ሲያንስ ጨርሶ አያገኘውም። ሌላ ምንም የሚጨመር ነገር የለም፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለፈው ሴሚስተር ተፈትነንበታል። ጥፋቱ የመሣሪያው ይመስለኛል፤ የተሳሳተ ቦታ እየላከ ይሆናል። አንድ ምክር ብቻ ልስጥህ፤ ኮምፒውተር ላይ `D == 0` ብለህ አታወዳድር፣ `abs(D) < 0.000001` በል።

---

አሮጌው ቴዎዶላይት · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

ዳዊት ልጄ፣ መሣሪያህን ከመክሰስህ በፊት እኩልታህን እንመርምረው። የሒሳብ ደብተር የተናገረው ስለ መስመር ከሆነ አንድም ስሕተት የለበትም። ግን መስመር በሁለቱም ጫፍ ያለማቋረጥ ይቀጥላል፤ ሚኒባስህ የሄደው ቁራጩን ብቻ ነው። `D` የሚነግርህ «ይህ መኪና በዚህ አቅጣጫ እስከ ምጽአት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ቢሄድ ክቡን ያገኘዋል ወይ?» የሚለውን ነው። አንተ የጠየቅኸው ግን «በእነዚህ 30 ሰከንዶች ውስጥ አገኘው ወይ?» ብለህ ነው።

በቁጥር ላሳይህ። ሰበታ ቁጭ ብዬ በወረቀት የሠራሁት ነው፣ አንተም በወረቀት ተከተለኝ። ፌርማታውን (0, 0) አድርገው። የመጀመሪያው ነጥብ A ከፌርማታው በስተምዕራብ 106 ሜትር፣ በስተሰሜን 192 ሜትር ይሁን፤ (−106, 192) ማለት ነው። መኪናው በ30 ሰከንድ 400 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 300 ሜትር ወደ ደቡብ ይሂድ። መድረሻው B (294, −108) ይሆናል። A ከፌርማታው 219 ሜትር፣ B ደግሞ 313 ሜትር ይርቃሉ፤ ሁለቱም ከክብህ ውጭ ናቸው።

በመንገዱ ላይ ያለ ማንኛውም ቦታ A ሲደመር t ጊዜ (400, −300) ነው። t ዜሮ ሲሆን A ላይ ነህ፣ 1 ሲሆን B ላይ። ይህ ቦታ ከፌርማታው በትክክል 150 ሜትር የሚርቀው መቼ ነው ብለህ ስትጠይቅ ኳድራቲኩ ራሱ ይወጣል። ሁለት እና አራት እንዳይረብሹህ የ`b`ን ግማሽ `h` ብለህ ያዝ፦

```
a = 400² + 300²             = 250000
h = (−106)(400) + (192)(−300) = −100000
c = 106² + 192² − 150²      = 25600
D = h² − a·c                = 3600000000
t = (−h ± √D) / a = (100000 ± 60000) / 250000
```

t 0.16 እና 0.64 ሆነ። ሁለቱም በዜሮ እና በ1 መካከል ናቸው፤ ስለዚህ መኪናው በእርግጥ ገብቶ ወጥቷል። በ0.16 የገባበት ቦታ (−42, 144) ነው፣ በ0.64 የወጣበት (150, 0)። ሁለቱንም ከፌርማታው ለካቸው፤ 150 ሜትር ሆነው ካላገኘሃቸው ሒሳቡ ተበላሽቷል ማለት ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ይህችን ማረጋገጫ ዘልዬ አላውቅም። በጊዜ ካሰብከው ደግሞ መኪናው የገባው ከ30 ሰከንዱ 4.8 ሰከንድ ሲያልፍ፣ የወጣው 19.2 ሰከንድ ሲያልፍ ነው፤ ፍጥነቱ እኩል ነው ካልን።

አሁን ወደ ነዳጅ ሰልፉ እንሂድ። መኪናው እዚያው A ላይ ነው፣ በዚያው አቅጣጫ፣ ግን በ30 ሰከንድ 5 ሜትር ብቻ ተነቃነቀ፤ 4 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 3 ሜትር ወደ ደቡብ። `a` 25፣ `h` −1000፣ `c` ያው 25600 ነው። `D` 360000 ይሆናል፤ ከዜሮ በብዙ ይበልጣል፣ ፕሮግራምህም መልእክቱን ይልካል። t ግን 16 እና 64 ነው። 16 ማለት እንደዚያ አሥራ ስድስት ጊዜ ሲንፏቀቅ፣ ከስምንት ደቂቃ በኋላ ነው ክቡ ጋ የሚደርሰው። እናቶቹን ብርድ ላይ ያቆምካቸው t ን ሳታይ ነው።

መኪናው ፌርማታውን አልፎ ሲርቅ ደግሞ ሁለቱም t ከዜሮ በታች ይሆናሉ፤ `D` ግን አሁንም ከዜሮ ይበልጣል። ፌርማታውን ካለፈ በኋላም መልእክት ይደርሳቸው እንደ ነበር ጠይቃቸው።

---

ዳዊት ዘቱሉ ዲምቱ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡31

ጋሼ፣ አዎ! አንዲት እናት «ልጄን አሳፍሬ ቤት ከገባሁ በኋላ ደረሰ ይለኛል» ብላኝ ነበር፤ የኔትወርክ መዘግየት ነው ብዬ ነበር የመለስኩላት። አፈርኩ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሰልፉ ላይ መኪናው ሙሉ በሙሉ ቆሞ ሳለ እንኳ መልእክቱ ደጋግሞ ሄዷል። ካልተንቀሳቀሰ አቅጣጫ ከየት መጣ?

---

ሰላም ከገላን · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡50

ይህን እኔ ልመልስ፤ የጭነት መኪና መከታተያ ላይ ስለምሠራ በየቀኑ የማየው ነው። የቆመ መኪና ነጥቡ አይቆምም፤ በሁለት ሦስት ሜትር ወዲያ ወዲህ ይዋልላል። ስለዚህ በየ30 ሰከንዱ አቅጣጫው የዘፈቀደ የሆነ አጭር ቁራጭ ይፈጠርልሃል። ከ219 ሜትር ርቀት 150 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ሲታይ ከመሃሉ ግራና ቀኝ 43 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ መስመሩ ወደ ኋላም ስለሚቀጥል በጀርባው በኩልም ያንኑ ያህል። ሲደመር ከ360 ዲግሪው 173 ያህሉ ነው። በሌላ አነጋገር ከሚዋልሉት ነጥቦች ግማሽ የሚጠጉት `D`ን ከዜሮ በላይ ያደርጉታል። በሳንቲም ዕጣ መልእክት ስትልክ ነበር ማለት ነው።

ሌላም አለ። አንዳንድ መሣሪያ መኪናው መቆሙን ሲያውቅ ያንኑ ነጥብ ሳይነካ ደግሞ ይልካል። ያን ጊዜ `a` ዜሮ ይሆናል፤ በዜሮ ማካፈል ይመጣና ፕሮግራሙ ይቆማል፣ ወይም ቁጥር ያልሆነ ነገር ይዘህ ትቀጥላለህ። `a` ዜሮ ከሆነ ቁራጭ የለም፤ ነጥብ ነው። ክቡ ውስጥ መሆን አለመሆኑን በ`c` ምልክት ብቻ ፍረድ።

---

የሒሳብ ደብተር · ማክሰኞ፣ ማታ 5፡02

እሺ፣ የቁራጩን ነገር አላሰብኩትም፤ ተቀብያለሁ። `abs(D) < 0.000001` ያልኩት ግን ቢያንስ የነክቶ ማለፍን ጉዳይ ይፈታል።

---

አሮጌው ቴዎዶላይት · ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡20

ስሕተትን ቶሎ መቀበል ጥሩ ጠባይ ነው፤ ሁለተኛውን ግን ልከራከርህ። ያች 0.000001 የምን መለኪያ ናት? ሜትር አይደለችም። `D` ሁለት የሜትር ካሬዎች ተባዝተው የመጡ ነው፤ ቁራጩ ሲረዝም እሱም አብሮ ያብጣል። በትናንቱ ምሳሌ መኪናው በዚያው መስመር ላይ 500 ሜትር ሲሄድ `D` 3,600,000,000 ሆነ፣ 5 ሜትር ሲንቀሳቀስ 360,000። መስመሩ ያው፣ ክቡም ያው፤ ቁጥሩ በአሥር ሺህ እጥፍ ተለያየ። አንድ ቋሚ ወሰን ለሁለቱም አይሆንም።

`D`ን ለ`a` አካፍለው። የሚወጣው የራዲየሱ ካሬ ሲቀነስ መስመሩ ከመሃል የሚርቅበት ርቀት ካሬ ነው። በሁለቱም ምሳሌ 14400 ይመጣል፤ ከ22500 ስትቀንሰው 8100፣ ሥሩ 90። መስመሩ ከፌርማታው በ90 ሜትር ያልፋል ማለት ነው። አሁን በሜትር ማሰብ ትችላለህ።

ያንኑ መንገድ ይዘህ ራዲየሱን ብቻ ወደ 90 ቀይረው። `c` 40000 ይሆናል፣ `D` በትክክል ዜሮ፣ t አንድ ብቻ፣ 0.4፤ መኪናው ክቡን (54, 72) ላይ ነክቶ ያልፋል። ራዲየሱን 80 ብታደርገው `D` ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ለ`a` ስታካፍለው −1700 ነው። 6400 ሲደመር 1700 ያው 8100። ስለዚህ ክቡን ሲስተው እንኳ በስንት እንደ ሳተው ይነግርሃል፤ ራዲየሱ 80፣ መንገዱ በ90፣ በ10 ሜትር ሳተው። «`D` ከዜሮ በታች ነው፣ ጣለው» ማለት ይህንን ሁሉ መጣል ነው።

ነክቶ የማለፉ ነገር ግን ወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ነው። ራዲየሱ 90 ሆኖ መስመሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ መሃል ቢጠጋ ክቡ ውስጥ የሚያልፈው ርዝመት ከዜሮ ተነሥቶ 2.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። አምስት ሜትር ቢጠጋ፣ የስልክ ጂፒኤስ በቀላሉ የሚሳሳተው ያህል ነው፣ 59 ሜትር ይሆናል። ጠርዙ አጠገብ ትንሽ ስሕተት ትልቅ መልስ ይወልዳል። እኔ ብሆን «ነካ» የሚባል ሦስተኛ ፍርድ ፕሮግራሙ ውስጥ አላስገባም ነበር።

---

እናት ከሱሉልታ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

ይቅርታ፣ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ግን ይህ የምታወሩት የእኔ ጣጣ ስለመሰለኝ ነው። ግቢዬ ውስጥ የውኃ ጉድጓድ አለኝ። ጎረቤቴ የፍሳሽ ቱቦ ሲዘረጋ ከጉድጓዱ 30 ሜትር እንዲርቅ ተስማምተን ፈርመናል። አሁን ቀያሽ አምጥተን ሲለካ፣ የእሱ ሰው «በትክክል ይነካል እንጂ አይገባም» አለ፣ እኔ ያመጣሁት ደግሞ «ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ገብቷል» አለ። በአንድ ቱቦ ሁለት ሰው እንዴት ሦስት ሜትር ተኩል ይለያያል? አንዱ ጉቦ በልቷል ብዬ ነበር።

---

አሮጌው ቴዎዶላይት · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

እሜቴ፣ ማንም ጉቦ ሳይበላ ሊሆን ይችላል። ቱቦው ከጉድጓዱ 29 ሜትር ከ95 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ 30 ሜትሩ ክብ ውስጥ የሚገባው የቱቦ ርዝመት 3 ሜትር ከ46 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ ቀያሾች የተለያዩት በአምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው፤ ሜትሩን ትንሽ ጠበቅ ወይም ላላ አድርጎ የያዘ ሰው በቀላሉ የሚያመጣው ልዩነት ነው።

ስለዚህ «የት ላይ ይቆርጣል» ብላችሁ አትከራከሩ። ከጉድጓዱ እስከ ቱቦው ያለው አጭሩ ርቀት ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ስንት ሳንቲ ሜትር ስሕተት እንደምትታገሡም ቀድማችሁ ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ አጭሩ ርቀት የሚገኘው ከጉድጓዱ ወደ ቱቦው ቀጥ ብሎ ከሚወርደው መስመር ነው፣ ግን ያ መስመር ቱቦው ካለቀ በኋላ መሬቱን የሚነካ ከሆነ የሚቆጠረው እስከ ቱቦው ጫፍ ያለው ርቀት ነው። በሒሳቡ ቋንቋ t ን −h ለ`a` ተካፍሎ ታገኘዋለህ፣ ከዜሮ ካነሰ ዜሮ፣ ከ1 ከበለጠ 1 ታደርገዋለህ።

---

እናት ከሱሉልታ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡12

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምስት ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቡና አፍልቼ እጠራዋለሁ። ግን ጉድጓዱ የሚለካው ከመሃሉ ነው ከአፉ ጠርዝ? ወረቀቱ ላይ አልጻፍንም።

---

ሰላም ከገላን · ረቡዕ፣ ቀን 7፡30

ዳዊት፣ ስሌቱን መሣሪያው ራሱ ላይ ልታደርገው ካሰብክ አንድ ጉድጓድ ላሳይህ፤ እኔ ሁለት ሳምንት ወድቄበታለሁ። ጋሼ ፌርማታውን (0, 0) አድርገው ያሉህ ለቅለት ብቻ አይደለም። እኔ UTM በሚባለው፣ ቦታን በሜትር በሚሰጠው የካርታ ሥርዓት ቁጥሮች በቀጥታ ሠራሁ፤ በዚህ አካባቢ፣ ዞን 37 ላይ፣ የሰሜኑ ቁጥር ከ980,000 ሜትር በላይ ነው። የክቡን እኩልታ ሙሉ በሙሉ ዘርዝሬ ትላልቆቹን ቁጥሮች ካሬ አደረግኋቸው። ትንሹ ኮምፒውተር ደግሞ የሚያስበው በ32 ቢት ነው። ከ980,000 በላይ ያለ ቁጥር በ32 ቢት የሚለየው በየ6 ሳንቲ ሜትሩ ነው፣ ይሄ ባልከፋ። ካሬው ግን ወደ አንድ ትሪሊዮን ይጠጋል፤ እዚያ ላይ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት 65,536 ነው። የክብህ የራዲየስ ካሬ 22,500 ብቻ ነው። ክቡ በሙሉ በክፍተቱ ውስጥ ሰጠመ!

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ የፌርማታውን ቁጥር ቀንስ፣ ከዚያ ካሬ አድርግ። ጥፋቱ የሚታወቀው ደግሞ እንዲህ ነው፤ ቦታው ሳይቀየር `c` በትላልቅ ዝላይ ይቀያየራል፣ ወይም ሳይጠበቅ ዜሮ ይሆናል።

---

ዳዊት ዘቱሉ ዲምቱ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን እንዲህ ሆኗል፦

```python
def crossings(ax, ay, bx, by, cx, cy, r):
    dx, dy = bx - ax, by - ay
    fx, fy = ax - cx, ay - cy
    a = dx*dx + dy*dy
    h = fx*dx + fy*dy
    c = fx*fx + fy*fy - r*r
    D = h*h - a*c
    if a == 0 or D < 0:
        return []
    s = D ** 0.5
    return [t for t in ((-h - s)/a, (-h + s)/a) if 0 <= t < 1]
```

የጋሼን ቁጥሮች ሰጥቼው 0.16 እና 0.64 መለሰልኝ፤ የነዳጅ ሰልፉን ስሰጠው ባዶ። መልእክት የምልከው ለመግቢያው t፣ ለ`(-h - s)/a`፣ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ `t < 1` ያልኩት፣ መኪናው ልክ ጠርዙ ላይ ሳለ ነጥብ ከተላከ የአንዱ ቁራጭ መጨረሻና የቀጣዩ መጀመሪያ ሆኖ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ነው።

---

የሒሳብ ደብተር · ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

`D` ዜሮ ሲሆን አንዱን t ሁለት ጊዜ ይመልስልሃል። ደግሞም ሰርቪሱ ከመጀመሪያውም ክቡ ውስጥ ሆኖ ሞተር ቢያስነሣስ? መግቢያው t ከዜሮ በታች ነው፣ መልእክት አይሄድም።

---

ዳዊት ዘቱሉ ዲምቱ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡09

ሁለተኛው እውነት ነው! ሾፌራችን የሚያድረው የመጨረሻው ፌርማታ አጠገብ ነው። ለመጀመሪያው ነጥብ የ`c`ን ምልክት ለብቻው አያለሁ።

---

የብሎክ አባት · ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

አሁን ገባኝ። ግን ልጆች፣ ከዋናው መንገድ ወደ ብሎኮቹ ሲገባ መንገዱ እኮ ቀጥ አይልም። መጀመሪያ ወደ ግራ ይታጠፍና ከዚያ በትልቁ ዞሮ ይመለሳል። እናንተ በሁለቱ ነጥቦች መካከል በአየር ነው የምታስኬዱት።

---

አሮጌው ቴዎዶላይት · ረቡዕ፣ ማታ 2፡52

ትናንት በአደባባዩ ሳቅንባቸው፤ ዛሬ ዋናውን ቀዳዳ ያገኙት እሳቸው ናቸው። ኳድራቲኩ የሚፈታው አንተ የሰጠኸውን ቁራጭ ነው፤ ቁራጩ መንገዱ ካልሆነ መልሱ ትክክል ሆኖ ዋጋ የለውም። 60 እየነዳ አይታጠፍም፣ ስለዚህ መታጠፊያ ላይ ቁራጮቹ ያጥራሉ፤ ይህ ትንሽ ይረዳል። ይበቃል ወይ ለሚለው ግን መንገዱን ሳላይ አልፈርድም።

---

ሰላም ከገላን · ረቡዕ፣ ማታ 3፡05

እኔ መሣሪያውን በየ10 ሰከንዱ እንዲልክ አደርገው ነበር። የሲም ካርዱ ሒሳብ ግን ይጨምራል፤ ማን ይክፈል?

---

ዳዊት ዘቱሉ ዲምቱ · ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡20

ዛሬ ጠዋት በሰባቱ ፌርማታ ሰባት መልእክት ሄደ። ስድስቱ በሰዓታቸው ነበሩ። ሰባተኛው የብሎክ አባት ያሉት መታጠፊያ ላይ ነው፤ መኪናው በወዲያኛው መንገድ ሲያልፍ ቁራጩ ክቡን ገርፎት አለፈ፣ `D`ን ለ`a` አካፍዬ ሳየው ክቡ ውስጥ የገባው በ4 ሜትር ብቻ ነው። ለዚያ ፌርማታ ራዲየሱን ልቀንስ ወይስ በየ10 ሰከንዱ ላድርገው አልወሰንኩም። ነገ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ልሄድበት ነው።